እርጅናን የማይቆጥር እድገት

«ቁጠባ ሲጨምር ኢንቨስትመንት ይጨምራል፤ ኢንቨስትመንት ሲጨምር ኢኮኖሚው ያድጋል።» ይህች ዓረፍተ ነገር በበጀት ንግግር፣ በባንክ ማስታወቂያ፣ በቴሌቪዥን ውይይት ስትደጋገም ትሰማለች። ሐሰት አይደለችም። ችግሩ ሦስት ጥያቄዎችን ሳትመልስ ማለፏ ነው። እድገቱ የሚቆየው እስከ መቼ ነው? እስኪመጣ ድረስ የሚራበው ማን ነው? ከተቆጠበው ብር ውስጥ አዲስ ነገር የሚሠራው ምን ያህሉ ነው፣ ያረጀውን ለመተካት የሚሄደውስ ምን ያህሉ?

ሦስተኛው ጥያቄ በኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ክርክር ውስጥ ብዙም አይነሳም። ሁለቱን ለመመለስ ቁልፉ ግን እሱ ነው።

🔹 አሮጌው ስሌትና የሶሎው እርማት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ሀገሮች የልማት ዕቅድ ያወጡት በሃሮድና በዶማር ስም በሚታወቀው ስሌት ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ብር ምርት ለማግኘት አራት ብር ካፒታል የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ከገቢዋ 20 በመቶ የምትቆጥብ ሀገር በዓመት 5 በመቶ ታድጋለች። 40 በመቶ ብትቆጥብ 10 በመቶ ታድጋለች። በዚህ ሒሳብ ቁጠባን እጥፍ ማድረግ እድገትን ለዘለዓለም እጥፍ ማድረግ ነው።

አሜሪካዊው ሮበርት ሶሎውና አውስትራሊያዊው ትሬቨር ስዋን እ.ኤ.አ. በ1956 ለየብቻቸው ባወጡት ጽሑፍ ይህን ስሌት አረሙት። ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1987 ለእድገት ጥናቱ የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። እርማቱ በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው።

አንደኛው፣ ለአንድ ሠራተኛ ካፒታል በተጨመረለት ቁጥር የሚገኘው ጭማሪ ምርት እያነሰ መሄዱ ነው። በእጁ ብቻ ይሰፋ ለነበረ ልብስ ሰፊ የመጀመሪያዋ የስፌት መኪና ሕይወቱን ትለውጣለች። ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋ ስትበላሽ ትጠቅመዋለች። ሦስተኛዋ ግን ቆማ አቧራ ትጠጣለች፤ እጁ ሁለት ብቻ ነውና። በሀገር ደረጃ ኢኮኖሚስቶች በተለምዶ በሚወስዱት ግምት፣ ካፒታል በ100 በመቶ ቢያድግ ምርት የሚያድገው በ26 በመቶ ገደማ ነው።

ሁለተኛው እርጅና ነው። ማሽን ይበላል፣ መንገድ ይሰነጠቃል፣ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ግድብ በደለል ይሞላል። ካፒታል በበዛ ቁጥር በየዓመቱ የሚያረጀውም ይበዛል። አንድ ተሽከርካሪ ያለው ድርጅትና መቶ ተሽከርካሪ ያለው ድርጅት ለጎማ የሚያወጡት እኩል አይደለም። የጭማሪ ምርት እያነሰ ይሄዳል፤ የእርጅና ወጪ ግን ከካፒታሉ ጋር እኩል ያድጋል። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም።

የሚገናኙበት ቦታ «የተረጋጋ ደረጃ» ይባላል። እዚያ ሲደረስ ሀገሪቱ መቆጠቧን አታቆምም፤ ኢንቨስትመንቱም አይቆምም። ግን የተቆጠበው ሁሉ ያረጀውን ለመተካትና አዲስ ወደ ሥራ የሚገቡትን ወጣቶች ለማስታጠቅ ብቻ ይበቃል። ለአንድ ሠራተኛ የሚደርሰው ካፒታል ባለበት ይቆማል፤ ምርቱም እንዲሁ።

🔹 በቁጥር ሲታይ

ነገሩ በምሳሌ ይግባ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ የኢትዮጵያ መለኪያዎች አይደሉም።

በአንዲት ሀገር እያንዳንዱ ሠራተኛ በአማካይ 250,000 ብር የሚያወጣ ካፒታል አለው እንበል። ማሽኑ፣ ሱቁ፣ ከመንገዱና ከመብራቱ የሚደርሰው ድርሻ ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። በዚህም በዓመት 100,000 ብር ያመርታል። ሀገሪቱ ከምርቷ 20 በመቶ ትቆጥባለች፤ ይህም በሠራተኛ 20,000 ብር ነው። ካፒታሏ በዓመት 5 በመቶ ያረጃል፣ የሠራተኛው ቁጥርም በዓመት 3 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ያለውን ደረጃ ለመጠበቅ ብቻ የካፒታሉ 8 በመቶ በየዓመቱ ያስፈልጋል። የ250,000 ብር 8 በመቶ 20,000 ብር ነው። የተቆጠበው ሁሉ እዚያ ያልቃል። ሀገሪቱ በተረጋጋ ደረጃዋ ላይ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የዚህች ሀገር ጥቅል ምርት በየዓመቱ 3 በመቶ ያድጋል፤ የሠራተኛው ቁጥር በ3 በመቶ ስለሚያድግ። ዜናው «ኢኮኖሚው አደገ» ይላል፤ ዜናውም ትክክል ነው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ግን ከአምናው በአንድ ብር አልተለወጠም።

አሁን መንግሥት ቁጠባን ወደ 30 በመቶ አሳደገ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 30,000 ብር ይቆጠባል፤ ለእርጅናና ለአዳዲስ ሠራተኞች 20,000 ብር ይሄዳል፣ 10,000 ብር በካፒታል ላይ ይጨመራል። ካፒታል 260,000 ብር ይሆናል። ምርት 1.3 በመቶ ያድግና 101,300 ብር ይደርሳል። የሠራተኛው ቁጥር እድገት ሲደመርበት ጥቅል ምርቱ ከ4 በመቶ በላይ ያድጋል። ዕቅድ አውጪው ደስ ይለዋል።

በሁለተኛው ዓመት የሚቆጠበው 30,400 ብር ገደማ ነው። የሚያስፈልገው ግን 20,000 ሳይሆን 20,800 ብር ሆኗል፤ የሚያረጀው ካፒታል ጨምሯልና። የተረፈው 9,600 ብር ነው። በሦስተኛው ዓመት ትርፉ ከዚያም ያንሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከ13 ዓመት በኋላ ምርቱ 112,000 ብር አካባቢ፣ ከ26 ዓመት በኋላ 117,000 ብር አካባቢ ይሆናል። በመጨረሻ ካፒታል 459,000 ብር፣ ምርት 122,500 ብር ገደማ ላይ ሲደርስ የተቆጠበው 36,700 ብር ሁሉ በእርጅናና በአዳዲስ ሠራተኞች ይዋጣል። እድገቱ ቆመ።

ውጤቱ ሲጠቃለል፣ የቁጠባ መጠን በግማሽ ጨመረ፣ ካፒታል በ84 በመቶ አደገ፣ ምርት በ22 በመቶ ከፍ አለ። ሀገሪቱ ከበፊቱ ሀብታም ናት፤ ያም ለዘለቄታው። የእድገት ፍጥነቷ ግን ተመልሶ የበፊቱ ነው። ቁጠባ ደረጃን ያነሳል እንጂ ፍጥነትን ለዘለዓለም አያነሳም። የሶሎው ዋና ትምህርት ይህ ነው።

🔹 በመካከሉ የሚራበው ማን ነው?

ከዚህ ስሌት ውስጥ በአደባባይ የማይነገረው ክፍል ፍጆታው ነው። ቁጠባው 20 በመቶ በነበረ ጊዜ ሠራተኛው ከ100,000 ብር 80,000 ብሩን ይበላ፣ ይለብስ፣ ልጆቹን ያስተምርበት ነበር። ቁጠባው ወደ 30 በመቶ ባደገበት ቀን የሚቀረው 70,000 ብር ነው። በመጨረሻ፣ ምርቱ 122,500 ብር ሲደርስ፣ ፍጆታው ወደ 85,700 ብር ከፍ ይላል፤ ከበፊቱ ይሻላል። ግን ወደ 80,000 ብር እንኳ ለመመለስ 18 ዓመት ገደማ ይፈጃል።

አሥራ ስምንት ዓመት ማለት ልጅ ተወልዶ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚጨርስበት ጊዜ ነው። መሥዋዕትነቱን የከፈለውና ፍሬውን የሚበላው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። ይህ ማለት ቁጠባ አይጨምር ማለት አይደለም። ወላጅ ለልጁ ሲል መራቡ በዚህ ሀገር አዲስ ነገር አይደለም። ግን መሥዋዕትነት ከሆነ በስሙ ይጠራ፤ ከሰውየው ኪስ ሳያውቀው የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ስም አለው።

በኢትዮጵያ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሲጀመር መንግሥት ኢንቨስትመንትን በፍጥነት ለማሳደግ ወሰነ። በዚያው ዓመት የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ቢል በ3 በመቶ ወለድ እንዲገዙ ታዘዙ፤ መመሪያው የተነሳው በ2012 ዓ.ም. ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 5 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የዋጋ ንረቱ በዓመት አማካይ 33 በመቶ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት መቶ ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መቶ አምስት ብር አገኘ፤ አምና በመቶ ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን መቶ ሠላሳ ሦስት ብር ሆኖ ጠበቀው። ልዩነቱ ወደ ኢንቨስትመንቱ ሄዷል። ይህም ቁጠባ ነው፤ ቆጣቢው ያልፈቀደው ቁጠባ።

ኢንቨስትመንቱ በእርግጥ አደገ። በዕቅዱ ማብቂያ ላይ ከጥቅል ምርቱ ወደ 40 በመቶ ተጠጋ፤ የሀገር ውስጥ ቁጠባው ግን ከ20 በመቶ ብዙም አልዘለለም። የሶሎው ሞዴል በቀላል መልኩ ኢንቨስትመንት ከሀገር ውስጥ ቁጠባ ጋር እኩል ነው ብሎ ይነሳል። በኢትዮጵያ እኩል አልነበረም፤ ክፍተቱ በከፊል በውጭ ብድርና በእርዳታ ተሞላ። በብድር የተሠራ ካፒታል ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንዱ ለአበዳሪው፣ ሌላው ለእርጅናው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮቦንድ ወለድ ሳይከፈል ሲቀር የመጀመሪያው ዕዳ ዜና ሆነ። ሁለተኛው ዕዳ ግን ዜና አይሆንም፤ በየቀኑ በጸጥታ ይከፈላል፣ ወይም ሳይከፈል ይቀርና ንብረቱ ይፈርሳል።

🔹 ዝም ያለው ተለዋዋጭ

የሶሎው ስሌት ውስጥ ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት ነገር አለ። በተረጋጋ ደረጃ ላይ ምርትን የሚወስነው ቁጠባ ብቻውን አይደለም። ቁጠባ ለእርጅናና ለሠራተኛ እድገት ድምር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ምሳሌያችን ላይ 20 ለ8 ማለት ነው። ክፍልፋይ ደግሞ ሁለት ጫፍ አለው፤ ላይኛውን መጨመርና ታችኛውን መቀነስ አንድ ውጤት ይሰጣሉ።

ቁጠባው እዚያው 20 በመቶ ላይ እያለ እርጅናው ከ5 ወደ 4 በመቶ ቢወርድስ? ማሽኑ በወቅቱ ዘይቱ ቢቀየር፣ የመንገዱ ቦይ ክረምት ሳይገባ ቢጠረግ፣ የተሰነጠቀው አስፋልት ጉድጓድ ሳይሆን ቢደፈን ማለት ነው። ምርቱ በመጨረሻ ወደ 106,900 ብር ያድጋል። ይህን ውጤት በቁጠባ ለማግኘት የቁጠባውን መጠን ከ20 ወደ 23 በመቶ ገደማ ማድረስ ያስፈልግ ነበር። ጥገናም ወጪ አለው፤ ነጻ አይደለም። ግን በጊዜው የተደፈነ ስንጥቅና እንደገና የሚሠራ መንገድ በዋጋ አይገናኙም። ስለዚህ ሠራተኛው ለ18 ዓመት ቀበቶውን ማጥበቅ ላያስፈልገው ይችላል።

የተገላቢጦሹ ይብሳል። መንግሥት ቁጠባን እንደ በፊቱ ምሳሌ ወደ 30 በመቶ አሳደገ፤ ግን ሁሉም ብር አዲስ ፕሮጀክት ላይ ስለዋለ ነባሩ ተረሳ፣ እርጅናው ከ5 ወደ 7 በመቶ ወጣ እንበል። የመጨረሻው ምርት 122,500 ብር መሆኑ ቀርቶ 109,500 ብር ይሆናል። ከሚጠበቀው የ22,500 ብር ጭማሪ ከግማሽ በላዩ ጠፋ። መሥዋዕትነቱ ግን አልቀነሰም፤ ሠራተኛው 30 በመቶውን እየሰጠ ነው። እንዲያውም የሚቀረው ፍጆታ 76,700 ብር ገደማ ነው፤ ቁጠባው ሳይጨምር በፊት ይበላው ከነበረው 80,000 ብር ያነሰ። ሁለት ነገር ተሰጥቶ ምንም ያልተገኘበት ንግድ ማለት ይህ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

🔹 በአዲስ አበባ ሐዲድ ላይ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። የፈጀው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን አብዛኛው የቻይና ብድር ነው። በኢንቨስትመንት መዝገብ ላይ 475 ሚሊዮኑ ተመዝግቧል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። መለዋወጫው የሚመጣው ከውጭ፣ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ዶላሩ ደግሞ አልነበረም። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያዎቹ አሉ፣ ዕዳውም አለ። ያረጀው ካፒታሉ ነው፤ ያረጀውም ዕድሜው ደርሶ ሳይሆን ተጠባባቂ አጥቶ ነው።

ሌላው ምሳሌ የበለጠ ዕድሜ አለው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጠናቀቀ። አዋሽ ከላይ ከተራቆተው መሬት ያጠበውን አፈር እያመጣ ሲከምርበት የሐይቁ ውኃ የመያዝ አቅም በደለል ተበላ። ማንም በግድቡ ላይ ጥፋት አልሠራም። እርጅናው የመጣው ከግድቡ በላይ ካለው ተራራ ነው። ግድቡን መጠበቅ ማለት ተዳፋቱ ላይ እርከን መሥራት፣ ዛፍ መትከል፣ ከብት ማራቅ ማለት ነበር። ጥገና ሁልጊዜ መፍቻና ሲሚንቶ አይደለም።

ይህ ለምን ይደጋገማል? ሰዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። በጀቱ ራሱ እንዲህ ተደርጎ ተሠርቷል። የመንግሥት በጀት መደበኛና ካፒታል ተብሎ ይከፈላል። አዲስ ግንባታ ካፒታል በጀት ነው፤ ጥገና በአብዛኛው ከመደበኛው ይወጣል። ገንዘብ ሲያጥር ደመወዝ አይቆረጥም፤ የሚቆረጠው ነዳጅ፣ መለዋወጫና ጥገና ነው። ብድርና እርዳታ የሚሰጡትም አዲስ ነገር መገንባት ይመርጣሉ፤ ለዘይትና ለጎማ ብድር የሚሰጥ እምብዛም አይገኝም። ሪባን የሚቆረጠው ሲመረቅ ነው፤ ቦይ ሲጠረግ ካሜራ አይመጣም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ይሸሽገዋል። ጥቅል ምርት «ጥቅል» የተባለው እርጅና ስላልተቀነሰለት ነው። መንገድ ሲሠራ በጥቅል ምርት ውስጥ ይቆጠራል። ሲፈርስ አይቀነስም። እንደገና ሲሠራ እንደገና ይቆጠራል። ጥሩ ጥገና የተደረገለትና ሃያ ዓመት የቆየ መንገድ ያላት ሀገር፣ በየሰባት ዓመቱ አንዱን መንገድ ከምትሠራው ሀገር ያነሰ የኢንቨስትመንት ቁጥር ልታስመዘግብ ትችላለች። የተሻለ ኑሮ ያላት ግን የመጀመሪያዋ ናት። እርጅናው ተቀንሶለት የሚገኘው የተጣራ ምርት የሚባል መለኪያ አለ፤ በዜና ግን አይሰማም።

መፍትሔው እዚህ ሀገር ያልታወቀ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ የሚገኘውን ገንዘብ ለመንገድ ጥገና ለማዋል ነው። አስተሳሰቡ ትክክል ነበር፤ መንገዱን የሚያስረጀው ተጠቃሚ የእርጅናውን ዋጋ ይከፍላል፣ ገንዘቡም ከመደበኛው በጀት መቀስ ይድናል። ጥያቄው ለምን በመንገድ ብቻ ቆመ የሚለው ነው። ለውኃ መስመር፣ ለመብራት ማከፋፈያ፣ ለከተማ ባቡር፣ አሁን ደግሞ በየከተማው ለሚሠራው የኮሪደር ልማት ተመሳሳይ መላ ያስፈልጋል። የዛሬ ዐሥር ዓመት ያ ንጣፍና መብራት፣ ያ ፏፏቴና አረንጓዴ ስፍራ ምን ይመስላል የሚለው የሚወሰነው በምረቃው ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚመደበው ዓመታዊ በጀት ነው።

🔹 የተቃራኒው ወገን ሚዛን

ይህን ክርክር የሚቃወሙ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ኢትዮጵያ የነበራት ካፒታል እጅግ ትንሽ ነበር። መንገድ በሌለበት ቦታ የመንገድ ጥገና አይኖርም። ደረጃን ማንሳትም ቀላል ነገር አይደለም፤ 22 በመቶ ተጨማሪ ገቢ ለደሃ ቤተሰብ ወተትና ትምህርት ነው። ወደ አዲሱ ደረጃ የሚደረገው ጉዞም አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ ለአንድ ትውልድ ይህ ከእድገት አይለይም። ሲንጋፖር ኢንቨስትመንቷን እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ከ11 በመቶ ወደ 40 በመቶ ስታሳድግ ያየ ሰው ቁጠባ ዋጋ የለውም አይልም።

ትክክል ነው። ሆኖም የሲንጋፖር ታሪክ ሁለት ነገሮችን ይጨምራል። ከኢንቨስትመንቱ ጋር የሠራተኛዋን ትምህርትም ቀይራለች፤ ኢንቨስትመንቷን 40 በመቶ ካደረሰች በኋላ ደግሞ እጥፍ ማድረግ አይቻላትም፤ ከምርቷ 80 በመቶ የምትቆጥብ ሀገር የለችም። ሶሎው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1957 የአሜሪካን የ40 ዓመት እድገት ሲመረምር፣ ለአንድ የሥራ ሰዓት ከተገኘው የምርት ጭማሪ ስምንት ሰባተኛው ሳይሆን ሰባት ስምንተኛው የመጣው ካፒታል በመከማቸቱ ሳይሆን ያንኑ ካፒታልና ጉልበት በተሻለ መንገድ በመጠቀም መሆኑን አገኘ። የእድገት ፍጥነት ለረጅም ጊዜ የሚጸናው በዚያ መንገድ ነው።

ቁጠባን ያለ ገደብ መጨመርም ራሱን ይበላል። በምሳሌያችን ሀገር ቁጠባው ከ30 ወደ 40 በመቶ ቢወጣ ምርቱ ወደ 141,400 ብር ያድጋል። ለፍጆታ የሚቀረው ግን 84,850 ብር ነው፤ በ30 በመቶ ቁጠባ ይገኝ ከነበረው 85,700 ብር ያነሰ። ፋብሪካው በዛ፣ ምርቱ ጨመረ፣ ሰዉ ግን ለዘለቄታው ያነሰ በላ። ትርፉ ሁሉ ካፒታሉን ለመተካት ይሄዳልና። ኤድመንድ ፌልፕስ እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን ወሰን አሳይቷል። የእድገት ቁጥር ብቻ የሚያይ መንግሥት ወሰኑን ሲያልፍ አይታወቀውም፤ ቁጥሩ ማደጉን ይቀጥላልና።

ሞዴሉ የተቆጠበ አንድ ብር የአንድ ብር ካፒታል ይሆናል ብሎ ማሰቡንም ማስታወስ ይገባል። ተጀምረው ለዓመታት ሳያልቁ የቆሙትን የስኳር ፋብሪካዎች ያየ ኢትዮጵያዊ ይህ ግምት ቸርነት የበዛበት መሆኑን ያውቃል። አገልግሎት ሳይሰጥ የዛገ ማሽን ሳይወለድ ያረጀ ካፒታል ነው።

🔹 ሊጠየቅ የሚገባው

የቤት ባለቤት ለመሆን በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ ዛሬም በየወሩ የሚቆጥብ ሰው አለ። እሱ ድርሻውን ተወጥቷል። የሚቀረው ጥያቄ ለመንግሥት ነው።

የበጀት ረቂቅ ለምክር ቤት ሲቀርብ ከእያንዳንዱ አዲስ ፕሮጀክት ጎን ዓመታዊ የጥገና ወጪው፣ ከዚያም ውስጥ በዶላር የሚከፈለው፣ አብሮ ይጻፍ። የጥገናው ምንጭ ያልታወቀ ፕሮጀክት አይጽደቅ። የእድገት ሪፖርት ሲወጣ ከጥቅሉ ምርት አጠገብ የተጣራው ምርት፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰውም አብሮ ይነገር። በየዓመቱ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠራ ከሚለው ቀጥሎ ስንቱ ኪሎ ሜትር ከጥቅም ውጭ ሆነ የሚለው ይጠየቅ። ሁለቱ ቁጥሮች ሲቀናነሱ የሚቀረው ነው ሀገሪቱ በእርግጥ ያገኘችው።

ሕዝብ ተጨማሪ እንዲቆጥብ ከመጠየቁ በፊት፣ ከዚህ ቀደም የቆጠበው ምን ላይ እንዳለ ሊነገረው ይገባል።